የመስኮት መስታወት መልክ ማያ አይደለም፦ የመስታወት ሕንጻ ነጸብራቅን በሬንደር እውነት ማስመሰል

አማርኛችን የመስኮቱንም ፊታችንን የምናይበትንም በአንድ ስም «መስታወት» ይላቸዋል። በንግግር ማንም አይሳሳትም፤ ሬንደር ላይ፣ ማለትም ገና ያልተሠራውን ሕንጻ ኮምፒውተር በሚያወጣው ሥዕል ላይ፣ ግን ብዙ ሥዕል የሚበላሸው እዚህች ስም ላይ ነው። በግንባታ አጥር ላይ ተሰቅለው የሚታዩትን የሕንጻ ሥዕሎች አስተውሉ። ሕንጻው ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሰማያዊ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው መንገድ፣ የሚያልፈው ባጃጅ፣ የማዶው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጀርባው የቆመው ባሕር ዛፍ፣ አንዳቸውም አይታዩበትም። ደብረ ብርሃን ላይ የሚቆም ሕንጻ የትም ያልቆመ ይመስላል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ሠሪው የሕንጻውን ፊት በአንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ሸፍኖ `Metallic` 1፣ `Roughness` 0 አድርጎ ሰማያዊ ቀለም ይሰጠዋል። ይህ ቀለም የተቀባ መልክ ማያ ነው። የሚያንጸባርቀውም ነገር ስለሌለ ባዶውን ሰማይ ይመልሳል። እዚህ የምናየው ይህንኑ ለማረም ነው፤ ምሳሌዎቹ በ`Blender` 4 እና በ`Cycles` ናቸው፤ በሌላ ሶፍትዌር የቁልፎቹ ስም ቢለያይም ስሌቱ ያው ነው።

መስታወቱ ሁለት ብርሃን ይመዝናል

ጥርት ያለ የመስኮት መስታወት ፊት ለፊት ሲታይ በአንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። የውጭና የውስጥ ገጽ ስላለው 8 በመቶ ገደማ ይሆናል። የቀረው፣ መስታወቱ ራሱ ከሚውጠው በስተቀር፣ ያልፋል። ታዲያ 8 በመቶ ብቻ የሚመልስ ነገር ቀን ላይ ለምን መልክ ማያ ይመስላል? መልሱ ያለው ከመስታወቱ ኋላ ባለው ክፍል ውስጥ ነው።

የጠራ ሰማይ ከፀሐይ ራቅ ባለው በኩል ድምቀቱ በካሬ ሜትር ጥቂት ሺህ ካንዴላ ነው፤ ለስሌት 4000 እንበል። 500 ሉክስ የሚደርሰው ቢሮ ውስጥ ያለ መካከለኛ ቀለም ግድግዳ ግን 80 ገደማ ነው። ሰማዩ ከግድግዳው 50 እጥፍ ይደምቃል ማለት ነው። ከ4000 ላይ 8 በመቶ 320 ነው። ከ80 ውስጥ ደግሞ በመስታወቱ አልፎ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው 70 አይሞላም። ስለዚህ ሰማዩ በሚንጸባረቅበት ቦታ ነጸብራቁ ክፍሉን ይውጠዋል። በዚያው መስታወት ላይ ግን ጥላ ውስጥ ያለ ባሕር ዛፍ፣ 300 ካንዴላ እንበል፣ ሲንጸባረቅ የሚመለሰው 24 ብቻ ነው። አሁን ክፍሉ ያሸንፋል፤ መጋረጃውና የጣሪያው መብራት ይታያሉ።

አንድ መስታወት፣ በአንድ ሰዓት፣ አንዱ ጥግ ሰማይ ሌላው ጥግ ክፍል የሚያሳየው በዚህ ነው። ዓይናችን «እውነት ነው» የሚለው ይህን መፈራረቅ ሲያይ ነው። ጨለማ ነገር በተንጸባረቀበት ቦታ ውስጡ ይገለጣል፤ ደማቅ ነገር በተንጸባረቀበት ይደበቃል። ስለዚህ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ እውነተኛ ማዶ፣ እውነተኛ ሰማይ፣ እውነተኛ ክፍል። አንዱ ከጎደለ የመስታወቱን ቅንብር ምንም ብታስተካክሉት አይድንም።

ይህ ስሌት የሚለወጠው መስታወቱ ሽፋን የተቀባ ከሆነ ነው። በከተሞቻችን የላይኛው ፎቅ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ አንጸባራቂ መስታወት፣ የምድር ቤቱ ሱቅ ደግሞ ጥርት ያለ መስታወት ይሆናል። አንጸባራቂው ወደ ውጭ የሚመልሰው እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ ትክክለኛው ቁጥር አምራቹ በሚሰጠው የመግለጫ ወረቀት ላይ አለ። ለዚህ ምሳሌ 25 በመቶ እንውሰድ። 25 በመቶ የሚመልስ፣ 40 በመቶ የሚያሳልፍ መስታወት ሰማዩን 1000፣ ክፍሉን 32 አድርጎ ያሳያል። በዚህ ፎቅ ቀን ላይ ቢሮውን ለማሳየት መታገል ከንቱ ነው፤ እውነቱ ራሱ አይታይም። የሚታየው ከመስታወቱ ጋር ተጠግቶ የተንጠለጠለ ነጭ መጋረጃ ነው፤ እሱ የውጭ ብርሃን በቀጥታ ያገኛል። የምድር ቤቱ ሱቅ ግን ዕቃው ሊታይ ይገባል። ሁለት ዓይነት መስታወት፣ ሁለት ማቴሪያል።

ማዶውን በቦታው ማቆም

አንድ ሕንጻ እንውሰድ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዋና መንገድ ዳር የሚቆም፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ የዞረ ጂ+6 ነው። ስፋቱ 20 ሜትር። የምድር ቤቱ ቁመት 4.2 ሜትር፣ ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ፎቅ 3.4 ሜትር፤ ጠቅላላ 24.6 ሜትር። ካሜራው ከፊቱ 28 ሜትር ርቆ በማዶው እግረኛ መንገድ ላይ፣ በ1.6 ሜትር የዓይን ከፍታ ቆሟል። ከካሜራው ጀርባ፣ ከሕንጻችን 32 ሜትር ርቀት ላይ፣ 14 ሜትር ቁመት ያለው ጂ+3 አለ። ከእሱም ኋላ፣ 50 ሜትር ላይ፣ 25 ሜትር የሚደርስ የባሕር ዛፍ ረድፍ አለ።

ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ነጸብራቅ የሚቀመጥበት ሕግ ቀላል ነው። የማዶው ነገር ከመስታወቱ ፊት የራቀውን ያህል ከመስታወቱ ኋላ እንደቆመ አድርጋችሁ አስቡት። ጣሪያው በሕንጻችን ፊት ላይ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚታይ እንዲህ ይሰላል፦

```
h = e + (H - e) × D / (D + d)
```

`e` የዓይን ከፍታ፣ `H` የማዶው ነገር ቁመት፣ `D` ካሜራው ከመስታወቱ ያለው ርቀት፣ `d` የማዶው ነገር ከመስታወቱ ያለው ርቀት ነው። ለጂ+3ው ስናሰላ፦ 14 ሲቀነስ 1.6፣ 12.4 ይሆናል። 28 ለ60 ሲካፈል 0.467 ነው። ሁለቱን አባዝተን 1.6 ስንጨምርበት 7.4 ሜትር እናገኛለን። የማዶው ሕንጻ ጣሪያ የሚንጸባረቀው በእኛ ሕንጻ የመጀመሪያ ፎቅ ጫፍ አካባቢ ነው። 14 ሜትሩ በነጸብራቅ ወደ ግማሽ ወረደ። ባሕር ዛፉ ከኋላ ቢሆንም ረጅም ስለሆነ እስከ 10 ሜትር ይደርሳል፤ ከጣሪያው በላይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ብቅ ይላል። ከ10 ሜትር በላይ ያለው ሁሉ ሰማይ ነው።

ይህች ትንሽ ስሌት ብዙ ድካም ታስቀራለች። የማዶውን ፎቶ በፎቶሾፕ ገልብጦ በሕንጻው ፊት ላይ የሚለጥፍ ሰው ጣሪያውን በእውነተኛ ቁመቱ ሦስተኛ ፎቅ ጫፍ አካባቢ ያስቀምጠዋል። ተመልካቹ ስህተቱን ባይጠራውም «አንድ ነገር ልክ አይደለም» ይላል፤ ማዶው ወደ ሕንጻው የተጣበቀ ይመስለዋል።

የማዶውን ሕንጻ በዝርዝር መሥራት አያስፈልግም። በትክክለኛ ቦታና ቁመት የቆመ ሣጥን፣ ፊቱ ላይ ከመንገዱ የተነሳ ፎቶ ከተለጠፈበት በቂ ነው። ፎቶው ምን ያህል ጥራት እንዳለው አትጨነቁ። ሥዕሉ 2400 በ3600 ፒክስል ቢሆንና ስፋቱ በሕንጻው ፊት ላይ 28 ሜትር ቢሸፍን፣ 20 ሜትር ስፋት ያለው ማዶ በነጸብራቁ 800 ፒክስል ያህል ብቻ ይይዛል። 2000 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት ነገር ግን ጠብቁ። ፎቶው በደመናማ ቀን ይነሳ፤ የፀሐይ ጥላ ያለበት ፎቶ ላይ የሬንደሩ ፀሐይ ሌላ ጥላ ስትጥልበት ሁለት ፀሐይ የወጣ ይመስላል። መስኮቶቹንም ወደ ውስጥ 15 ወይም 20 ሳንቲሜትር አስገቧቸው፤ ከዚያች ጥልቀት የምትገኘው ጥላ ከማንኛውም ዝርዝር በላይ ትሠራለች።

ጣሪያውን ቆርቆሮ አድርጉት። የመብራት ምሰሶና ሽቦ፣ ሁለት ባጃጅ፣ አንድ ሚኒባስ ጨምሩ። የምድር ቤቱ መስታወት፣ እስከ 4.2 ሜትር ድረስ፣ የሚያሳየው የማዶውን ሕንጻ የታችኛውን ሰባት ሜትርና መንገዱን ስለሆነ ተሽከርካሪዎቹ ያለ ምክንያት አይደሉም። መንገዱ ላይ ካሉት ተሽከርካሪዎች በቀር እነዚህ ሁሉ ከካሜራው ጀርባ ስለሆኑ በሥዕሉ ላይ በቀጥታ አይታዩም። ካሜራውን ከማዶው ሕንጻ ኋላ ማራቅ ካስፈለገ ደግሞ የማዶውን ሕንጻ መርጣችሁ በ`Object Properties` ውስጥ `Visibility` ሥር በ`Ray Visibility` ያለውን `Camera` አጥፉት፤ `Glossy` እንደበራ ይቆይ። ለዓይን ይጠፋል፣ በመስታወቱ ይኖራል።

ሰማዩ ከየት ይምጣ

ብዙ ሰው «ኤችዲአርአይ አስገብቻለሁ እኮ» ይላል። ኤችዲአርአይ፣ ማለትም ዙሪያውን በሙሉ የያዘው የሰማይና የአካባቢ ፎቶ፣ ለሰማይ ጥሩ ነው፤ ለማዶ አይሆንም። ለሶፍትዌሩ ወሰን የሌለው ርቀት ላይ ያለ ሉል ነው። ካሜራውን አሥር ሜትር ወደ ጎን ብትወስዱ በውስጡ ያለው ሕንጻ ነጸብራቁ ውስጥ እንደ ቅርብ ማዶ አይንቀሳቀስም፤ እንደ ሩቅ ተራራ ይከተላችኋል። ደግሞም ከተማ ያለበት ፎቶ ከሆነ ያ ከተማ የሌላ አገር ነው። የደብረ ብርሃን ሕንጻ መስታወት ላይ የአውሮፓ ቀይ የሸክላ ጣሪያ ሲታይ አለማወቅ አይቻልም። `Poly Haven` ላይ በነጻ ከሚገኙት ውስጥ ሰማይ ብቻ ያላቸውን ምረጡ።

ሌላው ችግር ጥራት ነው። ከ28 ሜትር ርቀት 20 ሜትር ስፋት ያለው ፊት 39 ዲግሪ ይይዛል፤ በነጸብራቁም የሚታየው የሰማይ ክፍል ያንኑ 39 ዲግሪ ነው። 4096 ፒክስል ስፋት ያለው ኤችዲአርአይ 360 ዲግሪውን ሲከፋፈለው ለ39 ዲግሪ የሚደርሰው 440 ፒክስል ያህል ነው። ይህ በሥዕላችን ላይ 1700 ፒክስል ወደሚሆን ፊት ይለጠጣል፤ አራት እጥፍ። ደብዛዛ የሆነው ለዚህ ነው። በ`16K` እኩል ይመጣል። ደመና በተፈጥሮው ለስላሳ ስለሆነ ግን `8K` ይበቃል፤ ጥርት ማለት ያለባቸውን ነገሮች በሣጥን ሠርተናቸዋልና ማኅደረ ትውስታውን ለሌላ እናቆየው።

ደመና የሌለበት የበጋ ሰማይ ከፈለጋችሁ `Sky Texture` ውስጥ `Nishita` አለ። እዚያ `Altitude` የሚለውን 2840 ሜትር አድርጉት፤ የደብረ ብርሃን ከፍታ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰማዩ ወደ ላይ ሲሄድ ከቆላው ይልቅ ይጠቁራል። በሕንጻችን ላይ የሚንጸባረቀው ሰማይ ከዛፎቹ ጫፍ፣ ከአድማስ በላይ ከ17 ዲግሪ ጀምሮ በሕንጻው ጫፍ 39 ዲግሪ ይደርሳል። የጠራ ሰማይ ወደ አድማስ ነጣ፣ ወደ ላይ ጠቆር ስለሚል ፊቱም ከታች ወደ ላይ እየጠቆረ ይሄዳል። በክረምት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ሰማይ አናቱ ላይ ከአድማሱ ሦስት እጥፍ ይደምቃል ተብሎ ይሰላል፤ ስለዚህ በሐምሌ ሥዕል መስታወቱ ወደ ላይ እየነጣ መሄድ አለበት። ክረምት ላይ ጠቆር የሚል አናት ካያችሁ ሰማዩ የበጋ ነው።

ፀሐይዋን በሰዓት ምረጡ። ፊቱ ወደ ምዕራብ የዞረ ሕንጻ ጠዋት ጥላ ውስጥ ነው፤ የማዶው ፊት ደግሞ ወደ ምሥራቅ ስለዞረ ፀሐይ ይመታዋል። ለነጸብራቅ ከዚህ የተሻለ የለም። ፀሐይ የመታው ፈዘዝ ያለ ግድግዳ ከሰማያዊው ሰማይ ሊበልጥ ስለሚችል ማዶው በመስታወቱ ላይ ደምቆ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ተቃራኒው ነው፤ ፀሐይዋ የሕንጻውን አሉሚኒየምና አቧራውን ታደምቃለች፣ ማዶው ይጠፋል።

ኅዳር 15፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንበል። `Sun Position` የሚባለውን ተጨማሪ ስትሞሉ `Latitude` 9.68፣ `Longitude` 39.53፣ `UTC Zone` 3፣ ቀኑ በፈረንጅ `Month` 11፣ `Day` 24 ነው። `Time` ላይ 9 ጻፉ። 3 የጻፈ ሰው ሥዕሉ ጥቁር ይሆንበትና ካርዱን ይወቅሳል፤ ለሶፍትዌሩ 3 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ 35 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ትቆማለች፤ በቁም በተያዘ ሥዕል ከክፈፉ ውጭ በቀኝ በኩል ናት። ሞዴላችሁ ፊቱ ወደ `-Y` የዞረ ከሆነ ምዕራብን ወደዚያ ለማምጣት `North Offset`ን በ90 ዲግሪ አዙሩ። ወደየትኛው ወገን? በሙከራ ነው፦ በዚህ ሰዓት የሕንጻው ፊት ፀሐይ ከመታው ተገልብጧል፣ ምልክቱን ቀይሩት። የሰሜን ፊት ያለው ሕንጻ የሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስታውስ፤ በዚህ ኬክሮስ ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። «ሰሜን ሁልጊዜ ጥላ ነው» የሚለው የፈረንጅ ትምህርት እዚህ አይሠራም።

ማቴሪያሉ

እያንዳንዱን የመስታወት ፓኔል ውፍረት የሌለው ነጠላ ገጽ አድርጉት። ውፍረት ሰጥቶ `Glass BSDF` መጠቀም ለጠርሙስ ይሆናል፤ ለመቶ መስኮት ግን ክፍሉን ያጨልማል፣ ሥዕሉንም በነጠብጣብ ይሞላል። `Mix Shader` ወስዳችሁ በላይኛው መግቢያ `Transparent BSDF`፣ በታችኛው `Roughness` ዜሮ የሆነ `Glossy BSDF` አገናኙ። `Fac` ላይ `Fresnel` ይግባ።

`Fresnel` የሚያሰላው የአንድ ገጽ ነጸብራቅ ነው፤ የመስታወት የብርሃን መስበሪያ ቁጥር የሆነውን `IOR` 1.52 ብትሰጡት 4 በመቶ ብቻ ይሰጣል። የምንፈልገውን መጠን `R` ለማግኘት ቁጥሩን እንዲህ እናወጣለን፦

```
IOR = (1 + √R) / (1 - √R)
```

ለጥርት ያለው መስታወት `R` 0.08 ስለሆነ `IOR` 1.79 ይመጣል። ለሰማያዊው አንጸባራቂ `R` 0.25 ስለሆነ ልክ 3.0 ነው። የፊዚክስ ቁጥር አይደለም፤ የሁለቱን ገጽና የሽፋኑን ሥራ በአንድ ገጽ ለማሠራት የተበጀ ነው። በጣም ከጎን ለሚታይ ፊት በመጠኑ ይስታል፣ ለመንገድ ዳር ሥዕል ግን ይበቃል። የ`Transparent BSDF` ቀለም ደግሞ መስታወቱ የሚያሳልፈው ነው፤ ለሰማያዊው 0.40፣ 0.55፣ 0.65 አካባቢ፣ ለጥርት ያለው ወደ ነጭ የቀረበ።

አሁን ብዙዎችን የሚያደናቅፈው ጉድጓድ። `Fresnel` ጨረር ከፓኔሉ ጀርባ ሲመጣ «ከመስታወት ውስጥ እየወጣ ነው» ብሎ `IOR`ን ይገለብጠዋል። `IOR` 3 ሲሆን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄዱት ጨረሮች ብዙዎቹ ተመልሰው ወደ ክፍሉ ይወድቃሉ፤ ክፍሉ እንደ ጎተራ ይጨልማል። መፍትሔው `Geometry` ከሚባለው ኖድ `Backfacing`ን ወስዶ ወደ `Mix` ኖድ `Factor` ማስገባት ነው፤ `A` 3.0፣ `B` 0.333 ይሁን፣ ውጤቱም ወደ `IOR` ይግባ። ለጥርት ያለው `B` 0.559 ነው። የፓኔሎቹ ኖርማል ሁሉም ወደ ውጭ መዞሩንም በ`Face Orientation` አረጋግጡ፤ ውጩ ሰማያዊ መሆን አለበት።

ከመስታወቱ ኋላ አምስት ሜትር ጥልቀት ያለው ክፍል ይበቃል፦ ወለል፣ ጣሪያ፣ ዓምድ፣ ጥቂት መብራት። መጋረጃዎቹ እኩል አይሁኑ፤ አንዱ ግማሽ ድረስ፣ አንዱ ተሰብስቦ፣ አንዱ ሙሉ። በየፎቁ የወለሉ ኮንክሪት በሚመጣበት 80 ሳንቲሜትር ያህል ላይ ከመስታወቱ ጀርባ ጥቁር ሰሌዳ አድርጉ። እዚያ ምንም ስለማያልፍ ነጸብራቁ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ፎቆቹም ይለያሉ። የበጋው የመንገድ አቧራ የሚያርፍበትን የምድር ቤቱን የታችኛውን ክፍል `Roughness` 0.03 ገደማ ብታደርጉት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ በረዶማ መስታወት ይሆናል።

የፓኔሎቹ መንጋደድ

እስካሁን የሠራነው ትክክል ቢሆንም ነጸብራቁ እንደ አንድ ፎቶ ያለ ስብራት ይቀጥላል። እውነተኛ ሕንጻ እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ ፓኔል ሲገጠም በጥቂቱ ይዘነብላል፤ ነጸብራቅ ደግሞ ዝንባሌን እጥፍ ያደርጋል። ፓኔሉ 0.2 ዲግሪ ቢያጋድል የሚንጸባረቀው ጨረር 0.4 ዲግሪ ይዞራል፤ 32 ሜትር ላይ ባለው ማዶ ላይ 22 ሳንቲሜትር መንሸራተት ነው። የማዶው ጣሪያ መስመር ከፓኔል ወደ ፓኔል ትንሽ ትንሽ ይሰበራል። ይቺ ስብራት ናት «ይህ በእጅ የተገጠመ ሕንጻ ነው» የምትለው።

ፓኔሎቹ አንድ ላይ ከሆኑ በ`Separate`፣ `By Loose Parts` ለያዩአቸው፤ ከዚያ `Origin to Geometry` አድርጉ፤ ካልሆነ ፓኔሎቹ በሩቅ ነጥብ ዙሪያ ዞረው ከፍሬማቸው ይወጣሉ። መርጣችሁ ይህን አስኪዱ፦

```python
import bpy, random
from math import radians
for o in bpy.context.selected_objects:
    o.rotation_euler.x += radians(random.gauss(0, 0.12))
    o.rotation_euler.z += radians(random.gauss(0, 0.12))
```

ይህ ፊቱ ወደ `-Y` ለዞረ ሕንጻ ነው። በ`Y` ዙሪያ ማዞር ፓኔሉን እንደ ሰዓት ቆጣሪ በራሱ ገጽ ላይ ያሽከረክረዋል እንጂ አያጋድለውም። ቁጥሩንም አታብዙት፤ አንድ ዲግሪ ከሆነ ማዶው በየፓኔሉ ከአንድ ሜትር በላይ እየዘለለ የተሰበረ ሸክላ ይመስላል።

ለደጋ ከተማ የሚጨመር አንድ ነገር አለ። ሁለት ንብርብር መስታወት፣ በመካከሉ አየር የታሸገበት፣ ዝቅ ባለ አገር ፋብሪካ ታሽጎ ደብረ ብርሃን ከመጣ በውጭ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 30 በመቶ ያህል ያንሳል። ግፊቱ አስቀድሞ ካልተመጣጠነ የታሸገው አየር ይሰፋና መስታወቱ እንደ ትራስ ወደ ውጭ ይነፋል። 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ፓኔል መካከሉ 2 ሚሊሜትር ብቻ ቢነፋ ጠርዞቹ 0.38 ዲግሪ ያጋድላሉ፤ በነጸብራቁ የምሰሶው ቀጥ ያለ መስመር በየፓኔሉ ይጎብጣል። ይህን ለማሳየት ፓኔሉን በ`Subdivide` ከፋፍላችሁ መካከሉን በለሰለሰ መንገድ 2 ሚሊሜትር ሳቡ፣ `Shade Smooth` አድርጉ። ነጠላ መስታወት ባለው ሕንጻ ላይ ግን አታድርጉት፤ የሚነፋ አየር የለውም።

ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል

መጀመሪያ መስታወቱን በሙሉ ደብቃችሁ ትንሽ ሬንደር አውጡ። በሬንደሩ መስኮት ላይ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጭናችሁ የሰማዩንና የክፍሉን ግድግዳ የፒክስል ቁጥር አንብቡ። ሰማዩ የግድግዳውን 50 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ከአምስት እጥፍ ካልበለጠ የውስጥ መብራቱ በዝቷል፤ ክፍሉ ያለ ቦታው ጎልቶ መስታወቱ የሌለ ያህል ይመስላል። ብዙዎች ይህን አይተው ነጸብራቁን ይጨምራሉ፤ መቀነስ የነበረበት መብራቱ ነው።

ከዚያ መስታወቱን መልሱና የማዶው ጣሪያ 7.4 ሜትር ላይ መውደቁን በፎቆቹ ቁጠሩ። ቀጥሎ በመስታወቱ ላይ ያለውን ሰማይ ከሕንጻው ጎን ካለው እውነተኛ ሰማይ ጋር አስተያዩ። 25 በመቶ የሚመልስ መስታወት ላይ ሰማዩ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በእኛ ጠዋት ፀሐይ ያለችው በሕንጻው ጀርባ በኩል ስለሆነ ልዩነቱ ከዚያም ይሰፋል። የተንጸባረቀው ሰማይ ከእውነተኛው ጋር እኩል ከደመቀ መልክ ማያው ተመልሷል ማለት ነው። በመጨረሻው ሬንደር ላይ ሽቦዎቹና የፓኔሎቹ ስብራት ከጠፉ ጥፋቱ የ`Denoise` ነው፤ በመስታወቱ ላይ ያለውን ነጸብራቅ አንዳንዴ እንደ ነጠብጣብ ቆጥሮ ያለሰልሰዋል። `Samples`ን ወደ 1000 ከፍ አድርጉና `Denoise`ን አጥፍታችሁ አወዳድሩ።

የመጨረሻው ሙከራ ማታ ነው። ማቴሪያሉን ሳትነኩ ፀሐይዋን ከአድማስ በታች 5 ዲግሪ አውርዷት፤ በእኛ አገር ጀምበር ከጠለቀች ከ20 ደቂቃ በኋላ ማለት ነው። በ`Render Properties` ውስጥ `Exposure`ን ከፍ አድርጉ። ቀን ላይ ማዶውንና ሰማዩን ሲያሳይ የዋለው ሰማያዊ መስታወት አሁን የቢሮዎቹን መብራት፣ ግማሽ የወረደውን መጋረጃና ዓምዶቹን ማሳየት አለበት። ካላሳየ አንድም የ`Backfacing` ኖድ አልተገናኘም፣ አንድም ከመስታወቱ ኋላ ክፍል የለም።